ዓይን ገጥሞ አፍ ሲስት

የአባትንና የልጅን ፊት አዋህደው በሚሠሩ ምስሎች ላይ ዘወትር የሚቆጨኝ አፍ አካባቢ ነው። ዓይኖቹ ጥርት ብለው ይታያሉ፤ ወረድ ሲሉ ግን ከንፈሩ ድርብ፣ የአፍንጫው ቀዳዳ አራት ሆኖ ያገኙታል። ሠሪው የማዋሃጃውን መጠን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ይውላል። ጥፋቱ ግን ከማዋሃዱ በፊት የተፈጸመ ነው።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። በአባትየው ፎቶ የሁለቱ ዓይኖች መሃል ለመሃል ርቀት 100 ፒክስል ነው፤ ጭንቅላቱም ቀጥ ብሏል። ልጁ ግን አንገቱን ዘንበል አድርጓል፤ አንደኛው ዓይኑ ከሌላው 160 ፒክስል ወደ ጎን፣ 120 ፒክስል ደግሞ ወደ ታች ይገኛል። ስለዚህ በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል ያለው ርቀት 200 ነው። ፎቶውን ወደ 37 ዲግሪ ገደማ አዙረን በግማሽ ስናሳንሰው ዓይን በዓይን ላይ ያርፋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል።

አሁን አፉን እንለካ። የአባትየው ከዓይኑ መስመር 110 ፒክስል ዝቅ ብሏል፣ የልጁ 98 ብቻ። ይህን የ12 ፒክስል ልዩነት ማዞርም ማሳነስም አያጠፋውም፤ የፊታቸው ርዝመት ይለያያልና። የልጁን አፍ ወደ 110 መሳብ ይቻላል፤ እኔ ግን አልደግፈውም። እንዲህ ከተደረገ የአባት ፊት ቅርጽ የልጅ ቆዳ ለበሰ እንጂ ሁለቱ አልተዋሃዱም። ትክክለኛው መንገድ ሁለቱንም ወደ መካከለኛው፣ ወደ 104 ማምጣት ነው፤ የአባትየው 6 ከፍ፣ የልጁ 6 ዝቅ ይላል።

ይህ ለአፍ ብቻ አይደለም። በሰፊው የሚሠራበት የ dlib ሞዴል በፊት ላይ ከ0 እስከ 67 የተቆጠሩ 68 ነጥቦችን ያስቀምጣል፤ 30 የአፍንጫ ጫፍ፣ 48 እና 54 የአፍ ማዕዘኖች ናቸው። የየነጥቡ አማካይ ይወሰድና ነጥቦቹ በሦስት ማዕዘኖች ይያያዛሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን ከየፎቶው ተቆርጦ አማካዩ ላይ ይለጠጣል። ሦስት ማዕዘኖቹ በአማካዩ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርተው ለሁለቱም ፎቶዎች በዚያው የነጥብ ቁጥር መዋል አለባቸው። ለየብቻ ከተሠሩ የአንዱ ጉንጭ የሌላው አፍንጫ ላይ ሊሄድ ይችላል። ማዋሃድ ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ቀላል ሥራ ነው።

ከማዋሃድ በፊት ነጥቦቹን በፎቶው ላይ አስቀምጦ ማየትን የሚዘል ሰው አይገባኝም። ጢም ወይም ጥላ የአፍን ማዕዘን ነጥብ ጉንጭ ላይ ሲጥለው ወዲያው በዓይን ይታያል፤ በእጅ መመለስም ቀላል ነው። ከቅንድብ በላይ ግን አንድም ነጥብ የለም። በፎቶው ጠርዞች ላይ ነጥብ ቢጨመርም ግንባሩ አብሮ ይለጠጣል እንጂ የፀጉሩ መስመር አይገጥምም። አንዱ ስቆ ሌላው አፉን ገጥሞ ከሆነ ደግሞ የአንዱ ጥርስ በሌላው ፎቶ አቻ የለውምና የደበዘዘ ነጭ መስመር ይወጣል፤ ያኔ የሚያዋጣው ሌላ ፎቶ መፈለግ ነው።