የወለቃ ሸክላ ሥራ እና የአንድ ገዢ ጥገኝነት

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ የምትገኘው ወለቃ በሸክላ ምስሎቿ ትታወቃለች። ሙያው የቤተ እስራኤል ሴቶች ነበር። ባለሙያዎቹ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል ሲሄዱ ጎረቤቶቻቸው ሥራውን ቀጠሉ፤ የዳዊት ኮከብ ያለባቸው ምስሎችም ለጎብኚ መሸጣቸው አልቀረም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ የሥራው ድክመት ያለው በገበያው እንጂ በባለሙያዋ እጅ አይደለም የሚል ነው፤ ምስሉ ከጎብኚ በቀር ሌላ ገዢ የለውም።

ሸክላ ገና ከመሸጡ በፊት ኪሳራ አለበት። አፈሩ ተወቅጦና ተነፍቶ፣ እንዳይሰነጠቅ ከአሸዋ ወይም ከተፈጨ ገል ጋር ይቦካል። ያለ መንኰራኵር በእጅ ይበጃል፣ በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፣ በጥላ ይደርቃል፣ ከዚያም ሜዳ ላይ በኩበትና በእንጨት ይተኮሳል። በውስጡ እርጥበት የቀረ ዕቃ እሳት ላይ ይፈነዳል። ለምሳሌ ከ20 ዕቃዎች 5ቱ ቢሰበሩ፣ የሁሉም ድካምና ማገዶ በቀሩት 15 ላይ ያርፋል፤ የእያንዳንዱም ወጪ በሲሶ ይጨምራል። ቀጭን ክንድና ቀንድ ያለው ምስል ከዚህ ቢተርፍ እንኳ በጎብኚው ሻንጣ ውስጥ ሊሰበር ይችላል።

ገዢውም የሚመጣው በወቅት ነው። የውጭ ጎብኚ በብዛት የሚታየው በበጋ፣ በተለይም በጥምቀት ሰሞን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ፣ በዚያው ዓመት ማብቂያ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2023 ወዲህም በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት ይህንኑ መንገድ አጠበቡት። ጎብኚ ሲጠፋ ምስሉ መደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ ጀበናና ምጣድ ግን በየቤቱ ስለሚሰበሩ ዘወትር ይተካሉ።

ስለዚህ የቤት ዕቃ የሥራው መሠረት፣ ምስል ደግሞ ተጨማሪ ገቢ ቢሆን ይመረጣል። ለቡና ሻጮችና ለሆቴሎች በተወሰነ መጠን የሚሠራ ጀበና ከዚያው አፈር ይወጣል። ይሁን እንጂ መንገዱ ቀላል አይደለም። የአገር ሰው የሚከፍለው ዋጋ ከጎብኚው ያነሰ ነው፤ ፈተናውም ይከብዳል። ምስል ቢያምር ይበቃዋል፤ ጀበና ግን ውኃ መያዝና እሳት መቻል አለበት። ብዙውን ጊዜ የሚሰነጠቀው አንገቱና እጀታው የተጋጠሙበት ቦታ ነው። ልምድ ያላት ገዢ በጣቷ መታ አድርጋ ታዳምጠዋለች፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ጤነኛ ነው፣ ድምፁ ከታፈነ ስንጥቅ አለበት። ሠሪዋም ከመሸጧ በፊት ይህንኑ ብታደርግና ውኃ ሞልታ ብታሳድረው፣ ዕቃው ሲሟሽ ፈስሶ ስሟን አያጠፋባትም።

ክረምት ለማድረቅም ለመተኮስም ስለማይመች፣ የክረምቱ ሽያጭ በበጋ ተሠርቶ ከተቀመጠ ዕቃ መምጣት አለበት። ለዚህም ባለሙያዋ ከዝናብ የሚከልል ማስቀመጫና እስኪሸጥ የሚያቆያት ገንዘብ ያስፈልጋታል። ሙያውን ለማገዝ የሚነደፍ ፕሮጀክት ውጤቱን በጥምቀት ሰሞን በተሸጠው ምስል ብዛት ከለካ የጎብኚውን ቁጥር እንጂ የሥራውን ጽናት አይለካም። ትክክለኛው መለኪያ ጎብኚ በሌለበት በነሐሴ የተሸጠው ጀበና ነው።