«ተባረክ» ብሎ መውጋት

ወገኖች ሆይ፣ በአማኞች መካከል ብዙ ቁስል የሚደርሰው በስድብ አይደለም። በመዘምራን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ወንድሙን በግልጽ የሚሳደብ እምብዛም የለም። የሚያቆስለው «ተባረክ» ብሎ የሚጨርሰው መልእክት ነው። እኛ ይህን ልማድ እንቃወማለን። «እኔ በቅንነት ነው የጻፍኩት፤ አጣሞ ያነበበው እርሱ ነው» የሚለውንም መከላከያ አንቀበልም።

አንድ የመዘምራን አስተባባሪ በግሩፑ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ እንበል፦

«ወንድሜ፣ እንደተለመደው ዛሬም ልምምድ ላይ አላየንህም። መቼም ሥራ በዝቶብህ ይሆናል። ለማንኛውም ጌታ ይባርክህ።»

አስተባባሪው ከልቡ አስቦለት ሊሆን ይችላል። ፊት ለፊት ቢነግረው ኖሮ ፈገግታውና የድምፁ ቃና ይመሰክሩለት ነበር። ጽሑፍ ግን ድምፅ የለውም፤ ድምፁን የሚሰጠው አንባቢው ነው። ያ ወንድም በመቅረቱ አስቀድሞ አፍሮ ከነበረ የሚሰማው የከሳሽ ድምፅ ነው። በዚያ ላይ እኛ ሰምና ወርቅ እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን፤ ከቃሉ በታች ሌላ ቃል መፈለግ ለምዶብናል።

እስቲ ቃላቱን እንያቸው። «እንደተለመደው» የአንድ ቀን መቅረትን የሰውየው ጠባይ ያደርገዋል። «ዛሬም» ላይ ያለችው «ም» ትንሽ ብትሆንም ያለፉትን ቀሪዎች ሁሉ ቆጥራ ታቀርባለች። «መቼም ሥራ በዝቶብህ ይሆናል» የሚለው ደግሞ ጸሐፊው ራሱ የማያምንበትን ምክንያት ለወንድሙ ማቀበል ነው። «ለማንኛውም» በሩን ይዘጋል፤ መልስህ አያስፈልገንም እንደ ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣው «ጌታ ይባርክህ» ምርቃት መሆኑ ቀርቶ ማሰናበቻ ይሆናል። የጌታ ስም የአሽሙር መጠቅለያ ሆነ ማለት ነው፤ የሚያሳዝነንም ይሄ ነው።

ታዲያ እንዴት ይለሳለስ? ብዙዎች ማለስለስ ሲባል ስኳር መጨመር ይመስላቸዋል፤ «የተወደድክ ወንድሜ»፣ «በፍቅር ነው የምነግርህ»፣ ከዚያም የአበባ ምስል። ይህ ባሰበት እንጂ አልተሻለውም። ሁልጊዜ «አንተ» የምንለውን ሰው በድንገት «እርስዎ» ማለትም እንዲሁ ነው፤ አክብሮት ሳይሆን መራቅ ሆኖ ይነበባል። ማለስለስ ማለት ሁለተኛ ትርጉም ሊሰጥ የሚችለውን ቃል አውጥቶ የምንፈልገውን ነገር በግልጽ ማስቀመጥ ነው። ያው አስተባባሪ ከግሩፑ ወጥቶ ለወንድሙ ብቻ እንዲህ ሊጽፍለት ይችላል፦

«ወንድሜ፣ ሰላም ነህ? ልምምድ ላይ ካየንህ ሦስት ሳምንት ሆነ፤ ደህና መሆንህን ለማወቅ ነው የጻፍኩልህ። የእሑዱን መዝሙር አንተን ቆጥረን ነው ያዘጋጀነው። መምጣት ካልቻልክ እስከ ሐሙስ ማታ ንገረኝ፤ ሌላ ሰው እንተካለን።»

ልብ በሉ፣ እውነቱ አልተቀነሰም። እንዲያውም «ሦስት ሳምንት» ከ«እንደተለመደው» ይልቅ ትክክለኛ ነው። ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ስለሆነ ወንድምየው የሚመልሰው ነገር አለው።

«ጳውሎስስ በምጸት ጽፎ የለም ወይ?» የሚለን ይኖራል። አዎን፣ በ1ኛ ቆሮንቶስ 4፥8 የቆሮንቶስን ሰዎች እንደ ነገሡ አድርጎ ሲናገራቸው ምጸት ነው። ግን እዚያ ላይ ቆሞ አልሄደም። በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 14 ላይ ሊያሳፍራቸው ሳይሆን እንደ ተወደዱ ልጆቹ ሊገሥጻቸው እንደጻፈ በግልጽ ይነግራቸዋል። ሐዋርያው እንኳ ሐሳቡን ለአንባቢ ግምት አልተወም። በጳውሎስ ምጸት የሚመካ ሰው ቁጥር 14ንም ይጻፍ።

አንድ ወሰን ግን አለ። በልባችን በእርግጥ ቅሬታ ካለ መልእክቱን ማለስለስ መፍትሔ አይሆንም። ቁጣን በለስላሳ ቃል መሸፈን ያንኑ አሽሙር በሌላ መልክ መመለስ ነው። ለዚህ ጌታ በማቴዎስ 18፥15 መንገዱን አሳይቶናል፤ ሄደን ለብቻው፣ ፊት ለፊት እንንገረው። ስልኩን አስቀምጠን እንሂድ።

ቅሬታ ከሌለን ግን ከመላካችን በፊት መልእክቱን በተቆጣ ሰው ድምፅ ጮክ ብለን እናንብበው። በዚያ ድምፅ ሲነበብ የሚወጋ ቃል ካለ፣ ያ ቃል ይውጣ። ምሳሌ 26፥18-19 ባልንጀራውን ጎድቶ «ቀልዴን ነው» የሚለውን ሰው ፍላጻ ከሚወረውር እብድ ጋር ያመሳስለዋል። ፍላጻውን የወረወረ ሰው የቆሰለውን «ለምን ቆሰልክ?» ብሎ አይጠይቅም። የሚለሳለሰው በወርዋሪው እጅ እያለ ነው።