ደሴ ዘገየች ወይስ ኮምቦልቻ ቸኮለች?

መስቀሉ ስንት ሰከንድ ላይ ጠፋ? ኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ ይህቺ ጥያቄ ቀላል ትመስላለች። ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ የመስቀል ምልክት ይሠራና ሶዲየም ታዮሰልፌት የያዘ ብርጭቆ ይቀመጥበታል። አሲድ ሲጨመር ውሁዱ በሚፈጠረው ሰልፈር እየደፈረሰ ይሄዳል፤ ከላይ ሆነን ስናይ መስቀሉ የሚጠፋበት ሰዓት ይመዘገባል። ዛሬ ደግሞ ስልክ አለና ሁሉም ይቀርፀዋል።

እኛ የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ሰዓትና ቴርሞሜትር ያልገባበት ቪዲዮ ማስረጃ አይደለም፤ በእሱም ተማሪ አይመዘን።

ምክንያቱን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሁሉ ያውቀዋል። መንገዱ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከላይ የለበስነውን ጃኬት ታች ስንደርስ እናወልቃለን። ይህ አጸግብሮት ደግሞ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ኮምቦልቻ ውስጥ በ25 ዲግሪ 40 ሰከንድ የፈጀው፣ ደሴ ውስጥ በ15 ዲግሪ 80 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። መልስ ወረቀቱ ላይ ግን «40» ብቻ ከተጻፈ፣ በትክክል የሠራው የደሴ ልጅ ኤክስ ይቀበላል ማለት ነው። በድሎታል።

ሁለተኛው ችግር ስልኩ ነው። ብዙዎች ፍሬም ቆጥረው ለ30 ያካፍላሉ፤ ስልኩ በሰከንድ 30 ፍሬም ይቀርፃል ብለው። ክፍሉ ጨለም ሲል ግን ብዙ ስልኮች ብርሃን ለማግኘት ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። 24 ላይ ወርዶ ከነበረ በ80 ሰከንድ የተቀረፀው 1,920 ፍሬም ነው። ለ30 ሲካፈል 64 ይወጣል። 16 ሰከንድ የት ገባች? ማንም አልሰረቃት፤ ሒሳቡ ነው የበላት።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ከብርጭቆው ጎን አስቀምጦ አብሮ መቅረፅ። ከዚያ ቪዲዮውን በVLC ከፍቶ `E` ን እየተጫኑ አንድ አንድ ፍሬም መሄድና ሰዓቱን ከምስሉ ላይ ማንበብ። ስልኩ ቢዘገይም ባይዘገይም የሚነበበው እውነተኛው ሰከንድ ነው።

አንድ ነገር ግን ሰዓትም አያድነውም፤ መስቀሉ «ጠፋ» የሚለው ዓይን ነው። የአንዱ ዓይን ከሌላው ቀድሞ ይፈርዳል። ብርጭቆው ጠባብ ከሆነም ውሁዱ ከፍ ብሎ ስለሚቆም መስቀሉ ቶሎ ይሸፈናል። ስለዚህ ብርጭቆውም ልኩም አንድ ይሁን፤ ያንኑ ቪዲዮ ሦስት ሰው ለየብቻው ይፍረድ። ሦስቱ በ2 ሰከንድ ከተለያዩ፣ የ1 ሰከንድ ልዩነት ይዞ መከራከር ከንቱ ነው። መስኮት መክፈትም አይረሳ፤ የሚወጣው ጋዝ ጉሮሮ ይከረክራል።

መምህራን ሆይ፣ «ስንት ሰከንድ?» ከማለታችሁ በፊት «ስንት ዲግሪ?» በሉን። ያኔ 80ም 40ም ትክክል ይሆናሉ።