የአንዲት «ኤስ» ዕዳ

«ፕሊስ ሴንድ ሚ ሞር ኢንፎርሜሽንስ» ብሎ የጻፈ ሥራ ፈላጊ ምን ያህል እንደሚሳቅበት ታውቃላችሁ። እኔ ግን ሳቁ አይዋጥልኝም። ልጁ የተሳሳተው ሳያስብ ስለጻፈ ሳይሆን በአማርኛ ስላሰበ ነው።

እስቲ እንየው። መረጃ ሲበዛ መረጃዎች፣ ምክር ሲበዛ ምክሮች፣ ዕቃም ዕቃዎች እንላለን። ቁጥር ካለማ «ኦች»ንም እንተዋታለን፤ «ሦስት ምክር ልስጥህ» ቢባል ማንም ግር አይለውም። እንግሊዝኛ ግን ኢንፎርሜሽንን፣ አድቫይስንና ኢኩዊፕመንትን እንደ ውሃና እንደ አሸዋ በጅምላ ነው የሚያያቸው። ይህ ደግሞ የሰው ልጅ ሁሉ ሕግ አይደለም፤ ፈረንሳይኛ ኢንፎርሜሽንን ያለ ምንም ችግር ያበዛዋል። ስለዚህ «ዕቃ ይቆጠራል እኮ!» ብሎ የሚሟገት ተማሪ እውነት አለው። ዕቃው ይቆጠራል፤ የማይቆጠረው የእንግሊዝኛው ቃል ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መድኃኒት «ኤሷን አጥፋት» የሚል ነው። አይበቃም። «ዚዝ ኢኩዊፕመንትስ አር ኦልድ» ከሚለው ላይ ኤሷን ብቻ ብናጠፋ «ዚዝ» እና «አር» አሁንም ብዙ ቁጥር እየጠሩ ይቀራሉ። ዓረፍተ ነገሩ የሚድነው «ዚስ ኢኩዊፕመንት ኢዝ ኦልድ» ሲሆን ነው። «ሜኒ» የነበረበት ቦታም «ማች» ይገባል። «ኤን አድቫይስ» ደግሞ ኤስ የሚባል ነገር ሳይኖርበት ያው ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም «ኤን» ማለት አንድ ማለት ነው፣ አንድ ብሎ መጀመርም መቁጠር ነው።

ታዲያ ሁለት ምክር ያለው ሰው ምን ይበል? መልሱ ጉሊት ላይ አለ። «ሁለት ጎመን» ሳይሆን «ሁለት እስር ጎመን»፣ «ሦስት ራስ ነጭ ሽንኩርት» እንላለን። የምንቆጥረው እስሩንና ራሱን ነው። እንግሊዝኛም «ቱ ፒስስ ኦፍ አድቫይስ» ይላል፤ ኤሷ ፒስ ላይ ታርፋለች፣ አድቫይስ ሳይነካ ይቀመጣል። ለኢንፎርሜሽንም ለኢኩዊፕመንትም ይኸው «ፒስ» ያገለግላል። ክፍል ውስጥ የማይቆጠሩ ስሞችን ዝርዝር ከማሸምደድ በዚህ ቢጀመር ተማሪው የሚያውቀውን ይዞ ይገባ ነበር።

አንድ ነገር ግን ይለይልን። በአማርኛ እያወራ «ኢንፎርሜሽኖች አሉኝ» ያለውን ሰው አታርሙት። ቃሉ አማርኛ ውስጥ ከገባ የሚገዛው በአማርኛ ሰዋስው ነው፤ «ኦች» መብቱ ነው። እርማቱ የሚያስፈልገው በእንግሊዝኛ ለጻፈው፣ ደብዳቤው ሳይላክ ነው። ከተላከ በኋላ መሳቅ ለሥራ ፈላጊው ምን ይጠቅመዋል?