ባዶ ዓምድ ከተሳሳተ ዓምድ ይሻላል፦ የአዲስ አበባ አድራሻዎችን ወደ ወጥ ዓምዶች ስለ መለወጥ

ከጤና ጣቢያ መዝገብ፣ ከተማሪዎች ምዝገባ ወይም ከንግድ ፈቃድ ፋይል የተሰበሰበ የአድራሻ ዝርዝር ለምርምር ሲቀርብ፣ ተመራማሪው አስቀድሞ የሚያደርገው እያንዳንዱን መስመር መንገድ፣ አካባቢ፣ ከተማና የፖስታ ኮድ በሚሉ አራት ዓምዶች መክፈል ነው። ዝግጁ የሆኑ የመረጃ ማጽጃ ፕሮግራሞችም ሆኑ የካርታ ሶፍትዌሮች የሚጠብቁት ይህንኑ ቅርጽ ነው። ቅርጹ ግን የተወለደው መንገድ ሁሉ ስም ባለበትና ፖስታ በየቤቱ በሚታደልበት ከተማ ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪ አድራሻውን ሲጽፍ የሚጠቅሰው ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ ወይም ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር፣ አልፎ አልፎም የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። የመንገድ ስም እምብዛም አይጽፍም፤ በምትኩ ቤቱ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ወይም ከየትኛው አደባባይ በላይ እንደሆነ ይገልጻል። እነዚህን ነገሮች ወደ አራቱ ዓምዶች በግድ ማስገባት የሚያስከትለው ስሕተት በዓይን የማይታይ ነው። ሠንጠረዡ ከመነሻው ጽሑፍ ይልቅ ንጹሕና የተሟላ መስሎ ስለሚወጣ የሚጠረጥረው አይኖርም።

የችግሩ የመጀመሪያ ምንጭ ቅደም ተከተል ነው። በአማርኛ የሚጽፍ ሰው በልማድ ከሰፊው ወደ ጠባቡ ይሄዳል፤ ከከተማ ይጀምርና በቤት ቁጥር ይጨርሳል። በላቲን ፊደል በተዘጋጀ ቅጽ ላይ የሞላ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከቤት ቁጥር ይነሣል። ሁለቱ ዝርዝሮች ሲቀላቀሉ «ሦስተኛው ቃል ወረዳ ነው» የሚል ደንብ የዝርዝሩን ከፊል ገልብጦ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ መክፈል ያለበት በቦታ ሳይሆን በመለያ ቃል ነው፤ ማለትም «ወረዳ» ወይም አሕጽሮቱ ከፊቱ የቆመ ቁጥር ብቻ ወረዳ ይባል። መለያ የሌለው ቁጥር ምንም ያህል ወረዳ ቢመስል መለያ የሌለው ሆኖ ይቆይ።

አሕጽሮቶቹም የራሳቸው ፈተና አላቸው። ክፍለ ከተማ፣ ክ/ከተማ፣ ክ.ከተማ፣ ክ/ከ ሁሉም አንድ ናቸው። የመፈለጊያው ንድፍ ሲጻፍ ረጅሙ ቅርጽ መቅደም አለበት፦

```python
r'ክፍለ\s*ከተማ|ክ\s*[/.]\s*ከተማ|ክ\s*[/.]\s*ከ'
```

አጭሩ ከቀደመ «ክ/ከተማ» የሚለው ቃል «ክ/ከ» ላይ ተቆርጦ «ተማ» የሚል ትርጉም የለሽ ቅሪት በቀጣዩ ዓምድ ላይ ይገባል። ከፋፋዩን በዝባዝንኬ መለያ ሁሉ ላይ ከመገንባት ይልቅ፣ የታወቁ መለያዎች ከወጡ በኋላ የተረፈውን ጽሑፍ በድግግሞሽ ብዛት መደርደር ይጠቅማል። ያልታሰበ አሕጽሮት ካለ በዚያ ዝርዝር አናት ላይ ይገኛል። እንዲህ ያለው ፍለጋ «ቀ» የሚለው ነጠላ ፊደል አንዴ ቀበሌን፣ ሌላ ጊዜ ቀጠናን ወክሎ እንደተጻፈ የሚገልጠው ነው።

ከሁሉ የሚያሳስተው ምልክት እዝባር ነው። በ«ክ/ከተማ» ውስጥ አሕጽሮትን ያመለክታል፤ በ«ቀበሌ 03/05» ውስጥ የሁለት ቀበሌዎችን መዋሐድ ይናገራል፤ በቤት ቁጥር ውስጥ ደግሞ ከአንድ ቤት የተከፈለን ክፍል ሊያመለክት ይችላል። በእዝባር ላይ የሚከፍል ፕሮግራም ሦስቱን አንድ አድርጎ ይበትናል። ከዚያም በፊት ሌላ አደጋ አለ። ዝርዝሩ በኤክሴል ሲከፈት ለብቻው በአንድ ሕዋስ የተጻፈ 03/05 ወደ ቀን ሊለወጥ ይችላል፤ «03» ደግሞ ዜሮውን አጥቶ 3 ይሆናል። ፋይሉ በዚያው ከተቀመጠ የጠፋውን መመለስ አይቻልም። ስለዚህ የአድራሻ ዓምዶች ሁሉ ከመጀመሪያው አከፋፈት ጀምሮ እንደ ጽሑፍ መነበብ አለባቸው።

የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ከዚህ ይቀላል። ፖ.ሣ.ቁ እና ፖ.ሳ.ቁ፣ ፀ እና ጸ፣ ሐ እና ሀ ለማነጻጸር ሲባል ወደ አንድ መመለስ ይችላሉ። ይህ የሚደረገው ግን በቅጂ ላይ እንጂ በመነሻው ጽሑፍ ላይ አይደለም።

እስካሁን የተነሡት ችግሮች በትዕግሥትና በጥሩ ንድፍ ይፈታሉ። በንድፍ የማይፈታው የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም እርሱ ነው። አዲስ አበባ በ1995 ዓ.ም በአሥር ክፍለ ከተሞች ከመዋቀሯ በፊት ከተማዋ በ28 ወረዳዎች፣ በሥራቸውም በቀበሌዎች የተከፈለች ነበረች፤ የወረዳው ቁጥር ለመላው ከተማ አንድ ነበር። ከ1995 ዓ.ም በኋላ ክፍለ ከተማ መጣ፣ ቀበሌዎችም ተዋሕደው በጥንድ ቁጥር መጠራት ጀመሩ። ቆይቶ ቀበሌው ቦታውን ለወረዳ ለቀቀ፤ ይህ ወረዳ ግን በየክፍለ ከተማው ውስጥ ከ01 ጀምሮ የሚቆጠር፣ ከቀድሞው ወረዳ ጋር በስም እንጂ በስፋት የማይገናኝ ነው። በ2013 ዓ.ም ደግሞ ለሚ ኩራ አሥራ አንደኛ ክፍለ ከተማ ሆኖ ሲመሠረት ቀድሞ በቦሌና በየካ ሥር የነበሩ አካባቢዎች ስማቸው ተለወጠ። እንግዲህ «ወረዳ» የሚለው አንድ ቃል በአንድ ዝርዝር ውስጥ ሁለት ፍጹም የተለያዩ ነገሮችን ሊያመለክት ይችላል።

ነገሩን በአራት መስመሮች ማየት ይቻላል። መስመሮቹ ለማሳያ የተዘጋጁ ናቸው፤ ቅርጻቸው ግን በየመዝገቡ የሚገኝ ነው፦

```
1  አ.አ ቦሌ ክ/ከ ወ 03 የቤ.ቁ 412
2  ቤት ቁ 412፣ ቀበሌ 03/05፣ ቦሌ፣ አዲስ አበባ
3  ወረዳ 17 ቀበሌ 19 የቤ.ቁ 412
4  አዲስ ከተማ ክ/ከተማ ወረዳ 01 የቤ.ቁ አዲስ አ.አ
```

አንደኛውና ሁለተኛው መስመር ቦሌን፣ 03ንና 412ን ይጋራሉ። በጽሑፍ መመሳሰል ላይ ብቻ የሚመሠረት የድግግሞሽ ማጣሪያ አንድ ቤት ናቸው ብሎ አንዱን ሊሰርዝ ይችላል። ነገር ግን ቀበሌ 03/05 ወረዳ 03 አይደለም፤ የቤት ቁጥሩም ትርጉም የሚኖረው በተሰጠበት ቀበሌ ወይም ወረዳ ውስጥ ብቻ ነው። ሁለቱ አንድ ቤት መሆናቸውን የሚያረጋግጠው የትኛው ቀበሌ በየትኛው ወረዳ ውስጥ እንደገባ የሚያሳይ የማዛመጃ ሰንጠረዥ ነው። ሰንጠረዡ እስኪገኝ ድረስ ሁለቱም መስመሮች ይቆያሉ።

ሦስተኛው መስመር ክፍለ ከተማ የለውም፤ ወረዳንም ቀበሌንም አብሮ ይጠራል። ይህ ከ1995 ዓ.ም በፊት የነበረው አጻጻፍ ምልክት ነው፤ ሆኖም ምልክት እንጂ ማስረጃ አይደለም። ዛሬም ወረዳውን «ቀበሌ» እያሉ የሚጠሩ ሰዎች አሉ፤ የቆየ መታወቂያውን አይቶ በቅርቡ ቅጽ የሞላም ይኖራል። ስለዚህ መዝገቡ የተሞላበት ቀን ከአድራሻው ጋር አብሮ መጓዝ አለበት፤ ቀኑ ከጠፋ መስመሩ «ዘመኑ ያልታወቀ» ተብሎ ይመዝገብ። ክፍለ ከተማውን በግምት መሙላት ድንበሮች እንደገና በተሰመሩበት ከተማ ውስጥ ሳንቲም እንደ መወርወር ነው።

አራተኛው መስመር በቃላት ላይ ብቻ የሚተማመን ከፋፋይን የሚፈትን ነው። «አዲስ» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ ሦስተኛው «አ.አ» በሚለው ውስጥ ተሸሽጓል። የመጀመሪያው የክፍለ ከተማ ስም አካል ነው፤ «ከተማ» ስለሚከተለው ፕሮግራሙ ወደ ከተማ ዓምድ ሊወስደው ይችላል። ሁለተኛው የቤት ቁጥር ነው፦ ገና ቁጥር ያልተሰጠው ቤት በቅጽ ላይ «አዲስ» ተብሎ ይጻፋል። ይህን ቃል ያልተሟላ የከተማ ስም መስሎት አዲስ አበባ ብሎ የሚያርም ፕሮግራም ቁጥር የለሽነቱን የሚናገረውን ብቸኛ መረጃ ያጠፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የአሥራ አንዱ ክፍለ ከተሞች ሙሉ ስሞች ከማናቸውም መለያ ቃል በፊት ይታወቁና ይያዙ፣ ከዚያ በኋላ የቤት ቁጥር መለያን ተከትሎ የሚመጣ «አዲስ» ለብቻው «ያልተቆጠረ» የሚል ዋጋ ይሰጠው።

የፖስታ ኮድ ዓምድ ደግሞ ለመሙላት የሚያጓጓው ሁሉ ነገር አለው። የአዲስ አበባ አጠቃላይ ኮድ የሆነውን 1000 በሁሉም መስመር ላይ መለጠፍ ሠንጠረዡን ሙሉ ያስመስለዋል። በከተማው ውስጥ ለሁሉም አንድ የሆነ ቁጥር ግን ማንንም ከማንም አይለይም። የፖስታ ሣጥን ቁጥርንም በዚህ ዓምድ ማስገባት ስሕተት ነው፤ ሣጥኑ የሚገኘው በፖስታ ቤት ነው፤ ባለቤቱ በሌላ ክፍለ ከተማ ሊኖር ይችላል። ለእርሱ የራሱ ዓምድ ይከፈትለት። የፖስታ ኮድ የሚሞላው ጸሐፊው ራሱ «ኮድ» ብሎ ቁጥር ከጻፈ ብቻ ነው።

ወደ አራቱ ዓምዶች መሸጋገር ግዴታ ከሆነ ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ እንደ መጨረሻ እርምጃ ይደረግ። መንገድ በሚለው ሥር የቤት ቁጥርና ካለ የመንገድ ስም፣ አካባቢ በሚለው ሥር ክፍለ ከተማና ወረዳ ከነዘመናቸው ይገባሉ። የአቅጣጫ መግለጫው ለብቻው ይቆይ፤ የመስክ ሠራተኛ ቤቱን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ በእርሱ ነው። መነሻው ጽሑፍም ሳይነካ በአምስተኛ ዓምድ አብሮ ይሂድ።

በዚህ አሠራር ላይ የሚነሣው ተቃውሞ የታወቀ ነው፤ ባዶ ዓምድ ሲበዛ የናሙናው መጠን ያንሳል፣ ባዶዎቹም በዕድል የተበተኑ ላይሆኑ ይችላሉ ይባላል። ሁለተኛው ነጥብ እውነት ነው። ቁጥር ያልተሰጣቸው ቤቶች በከተማው ዳርቻ ከበዙ፣ እነርሱን መጣል ጥናቱን ወደ መሀል ከተማ ያጋድለዋል። ነገር ግን ይህ ማጋደል ሊታይና ሊዘገብ የሚችለው ባዶው ባዶ ሆኖ ሲቆይ ነው። በግምት የተሞላ ወረዳ ያለው የቲቢ ታማሚ በካርታው ላይ በሌላ ሠፈር ይቀመጣል፤ ክትትል የሚያደርገው ባለሙያም ታማሚው ወደማይኖርበት ሠፈር ሄዶ «አልተገኘም» ብሎ ይመለሳል። ጥናቱ ውስጥ ያ ሰው ሕክምናውን እንዳቋረጠ ተቆጥሮ ይገባል።

ስለዚህ የከፋፋይ ፕሮግራም ጥራት በአንድ ድምር መቶኛ መገለጹ በቂ አይደለም። ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው በዕጣ የተመረጡ 200 መስመሮችን በእጅ ይክፈሉ፤ የሁለቱ ውጤት በተለያየበት ቦታ ተወያይተው አንድ ያድርጉት፤ ከዚያም የፕሮግራሙ ውጤት በየዓምዱ ከእርሱ ጋር ይነጻጸር። በሪፖርቱ ላይ በስሕተት የተሞሉትና ባዶ የቀሩት ለየብቻ ይቆጠሩ። ሁለቱ ሰዎች እርስ በርስ ያልተስማሙባቸው መስመሮች ብዛትም አብሮ ይጻፍ፤ ሁለት የከተማዋ ነዋሪዎች ያልተግባቡበትን መስመር ፕሮግራሙ በእርግጠኝነት ከፍሎት ከተገኘ፣ መጀመሪያ መመርመር ያለበት ያ መስመር ነው።