ብረቱ ይመስክር

ከጥቂት ወራት በፊት ሁለት በያጆች ለመቅጠር ማስታወቂያ ባወጣ አንድ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ቆሜ፣ ፈተናቸውን ጨርሰው የሚወጡትን ተወዳዳሪዎች አነጋግሬ ነበር። የተሰጣቸው ፈተና የጽሑፍ ነው። «ብየዳ ማለት ምን ማለት ነው?»፣ «የብየዳን ዓይነቶች ዘርዝር» የሚሉ ጥያቄዎች ነበሩበት። እጁ በፍንጣሪ የተጠባበሰ፣ ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ አንድ ሰው፣ «ወንድሜ፣ ብየዳ ምን እንደ ሆነ በወረቀት ጻፍ ብትለኝ አላውቅበትም፤ ብረት ስጠኝና ላሳይህ» ሲል በቁጭት ነገረኝ።

ይህ ሰው ጥሩ በያጅ ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም። ቀጣሪውም ሳያውቅ ቀረ። የሚያሳዝነውም ይኸው ነው።

ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ደግሞ የተግባር ፈተና እንሰጣለን ይላሉ፤ ነገር ግን አንዱን ወንበር፣ ሌላውን የመስኮት ፍርግርግ ያሠሩና በመጨረሻ የክፍሉ ኀላፊ ዞር ዞር ብሎ አይቶ «ይኸኛው ይሻላል» ይላል። ሥራው የተለያየ ስለ ሆነ ማነጻጸር አይቻልም፤ የተመዘነውም የሠራተኛው እጅ ሳይሆን የኀላፊው ዓይን ነው። በብየዳ ሥራ ደግሞ ከዓይን የበለጠ የሚያታልል ነገር የለም። እንግዲህ ዛሬ ለመነጋገር የምፈልገው፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያልቅና ለሁሉም እኩል የሆነ የበያጅ ፈተና እንዴት እንደሚሰናዳ ነው።

ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ነውና አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ድርጅት የውሃ ታንከር ማቆሚያ የሚሠሩ በያጆች ሊቀጥር ፈለገ እንበል። አምስት ሺህ ሊትር የሚይዝ ታንከር ሲሞላ የውሃው ክብደት ብቻ አምስት ቶን ነው። ይህንን ሁሉ ሸክም ይዞ የሚቆመው ብረቱ ብቻ ሳይሆን ብረትና ብረት የተገናኙበት ቦታ ነው። ስለዚህ ፈታኙ አስቀድሞ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው «ማቆሚያው ቢወድቅ ከየት በኩል ይለቅቃል?» ብሎ ነው። መልሱም አንዱ ብረት በሌላው ላይ ከቆመበት ማዕዘን ነው። እንግዲያውስ ሙሉ ማቆሚያ ማሠራት አያስፈልግም፤ ያንን ማዕዘን ብቻ ነጥሎ ማሠራት ይበቃል።

የፈተናው ብረት እንዲህ ይሰናዳል። ውፍረታቸው 6 ሚሊሜትር፣ ስፋታቸው 10 ሴንቲሜትር፣ ርዝመታቸው 15 ሴንቲሜትር የሆነ ሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች ይቆረጣሉ። አንደኛው ይጋደማል፤ ሁለተኛው በረጅሙ ጎኑ በመካከሉ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆምና ሁለቱ ጫፎቹ በነጥብ ብየዳ ይያዛሉ። ከዚያ በኋላ ተፈታኙ በአንድ ወገን ብቻ ማዕዘኑን ከዳር እስከ ዳር ይበይዳል። በአንድ ወገን ብቻ የሚባልበት ምክንያት አለው፤ በሁለቱም ወገን ከተበየደ ኋላ ሰብሮ ውስጡን ማየት አይቻልም።

በመካከል ላይ ተፈታኙ ሆን ብሎ እንዲያቆም ይታዘዛል። ከብየዳው በላይ እንደ ቅርፊት የሚጋገረውን ቆሻሻ በመዶሻ አራግፎ፣ በሽቦ ብሩሽ ጠርጎ፣ ካቆመበት እንደ ገና ይጀምራል። በእውነተኛው ሥራ ላይ ኤሌክትሮድ ባለቀ ቁጥር እንዲህ ማድረግ ግዴታ ነው፤ ደካማ በያጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚጋለጠውም በዚህ መጋጠሚያ ላይ ነው።

የኤሌክትሪኩን ኀይል ፈታኙ አስተካክሎ መስጠት የለበትም። በ3.2 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ ለዚህ ዓይነት ሥራ የሚበጀው ኀይል ከ90 እስከ 130 አምፔር ባለው ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ ከዚያ መካከል የሚስማማውን መምረጥ የበያጁ ዕውቀት ነው። መኪናውን አስተካክሎ የሰጠ ሰው የፈተናውን እኩሌታ ራሱ ሠራው ማለት ነው። ነገር ግን መኪና ሁሉ የየራሱ ጠባይ ስላለው፣ ለእያንዳንዱ ተፈታኝ በውዳቂ ብረት ላይ ዐሥር ደቂቃ እንዲለማመድ ይፈቀድለት። ይህ ቸርነት አይደለም፤ የምንፈትነው ብየዳውን እንጂ ከመኪናው ጋራ ያለውን ትውውቅ ስላልሆነ ነው።

የቆመ ማቆሚያ ተጋድሞ አይበየድምና፣ ሁለተኛ ተመሳሳይ ብረት መስመሩ ከታች ወደ ላይ እንዲሄድ ቁልቁል ቆሞ ይሰጠዋል። በዚህ አቋቋም የቀለጠው ብረት ወደ ታች ሊፈስ ስለሚታገል ተጋድሞ ያማረለት ሁሉ ቆሞ አያምርለትም። ለሁለቱም ብረቶች አርባ ደቂቃ ይበቃል። ይህንንም ጊዜ በግምት ሳይሆን በሙከራ መወሰን ይገባል፤ የታመነ ነባር በያጅ በሃያ ደቂቃ ከጨረሰው ለተፈታኙ እጥፉን መስጠት ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ማረሙ እንምጣ። ጭምብልና ጓንት ሳያደርግ እሳት የለኰሰ ተፈታኝ ፈተናው ወዲያው ይቁምበት፤ ይህ በነጥብ የሚካካስ ነገር አይደለም። ከመቶው ነጥብ አርባው ሳይሰበር በዓይንና በመለኪያ ለሚታየው ይሰጥ። የብየዳው እግር በሁለቱም ብረቶች ላይ 6 ሚሊሜትር ያህል ሆኖ እኩል መሄዱ፣ በጠርዙ ላይ ብረቱ ተበልቶ ቦይ አለመኖሩ፣ መጋጠሚያው አለማበጡና አለመጎድጎዱ ይታያል። የቀረው ስድሳ ነጥብ ለውስጡ ነው።

ውስጡ የሚታየው በመስበር ነው። ብረቱ በመጋዝ አምስት አምስት ሴንቲሜትር ሆኖ በሦስት ይከፈላል፤ መካከለኛው ቁራጭ መጋጠሚያውን የያዘ ይሁን። የተጋደመው ብረት በሞርሳ ወይም በመቆንጠጫ ይታሰርና የቆመው ብረት ከጀርባው፣ ማለትም ካልተበየደው ወገን፣ በከባድ መዶሻ ወደ ብየዳው እየተመታ ይታጠፋል። ያን ጊዜ የብየዳው ሥር ይከፈታል። የሚመታውም የሚመለከተውም ሰው የዓይን መከላከያ ማድረግ አለበት።

ሦስት ተፈታኞች ይህንን አደረጉ እንበል። የመጀመሪያው ብየዳ እንደ ተደረደረ ሳንቲም ያማረ ነው፤ በዓይን ከአርባው ሠላሳ ስድስት አገኘ። በመዶሻ ሲመታ ግን በሁለተኛው ምት ተላቀቀ። ሲታይ፣ የቆመው ብረት በመጋዝ የተቆረጠበት ቀጥ ያለ ጠርዝ እንዳለ፣ ምንም እሳት ሳይነካው ከሥሩ ቁጭ ብሏል። ኀይሉን አሳንሶ ወይም ኤሌክትሮዱን አለ ቦታው አዘንብሎ በላዩ ላይ ብረት አፈሰሰ እንጂ አልበየደም። ሥሩ ያልተዋሐደ ብየዳ ምንም ያህል ያምር ይወድቃል፤ ይህም ከነጥብ በላይ የሆነ ደንብ ነው።

ሁለተኛው ሰው ብየዳው ጐርበጥባጣ ነው፤ ፍንጣሪው በዙሪያው ተለጥፏል። ከአርባው ሃያ አምስት ብቻ አገኘ። ሲመታ ግን የቆመው ብረት ራሱ ታጥፎ እስኪተኛ ድረስ ብየዳው አልለቀቀም። ይህ ሰው ስድሳውን ነጥብ አግኝቶ በድምሩ ሰማንያ አምስት ሆነ። በዓይን ብቻ ቢታረም ኖሮ ከሦስቱ የመጨረሻው እርሱ ነበር።

የሦስተኛው ጫፍና ጫፉ በደህና ታጠፈ፤ መካከለኛው ቁራጭ ግን ተሰበረ። ከመጋጠሚያው ውስጥ ጥቁርና መስታዎት የመሰለ ቅርፊት፣ አጠገቡም እንደ እንጀራ ዓይን የሆኑ ቀዳዳዎች ተገኙ። በአሜሪካ የብረት ግንባታ የብየዳ ደንብ በእንዲህ ያለው ስብራት ላይ ከ2.5 ሚሊሜትር የሚበልጥ ቀዳዳ ወይም ቅርፊት አይፈቀድም፤ እኛም ልኩን ከዚያ ልንወስድ እንችላለን። ይህ ሰው ለታንከር ማቆሚያ ዛሬ አይበቃም፤ ጉድለቱ ግን አንድና የታወቀ ነው፤ እንደ ገና ከመጀመሩ በፊት አይጠርግም። ስብራቱን አሳይቶ ይህንን መንገር የፈታኙ ግዴታ ነው።

ስለ ቀዳዳ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቀዳዳ የሚመጣው በያጁ እሳቱን አርቆ ሲይዝ ወይም ቀለምና ዘይት ሳይጠርግ ሲቀር ነው፤ ኤሌክትሮዱ እርጥበት የጠጣ ሲሆንም ይመጣል። ስለዚህ በአንድ ተፈታኝ ብረት ላይ ብቻ ቀዳዳ ቢገኝ ጥፋቱ የሰውየው ሊሆን ይችላል፤ በሁሉም ላይ ቢገኝ ግን ጥፋተኛው የመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ነው። ያን ጊዜ ሰዎቹን ሳይሆን ኤሌክትሮዱን ጥሎ ፈተናውን መድገም ይገባል።

ወርቅ በእሳት ይፈተናል፤ ፈተናውም ራሱ መፈተን አለበት። ከቀጠሮው ቀን በፊት አንድ ነባር በያጅና ሥራ ከጀመረ ሦስት ወር የሆነው አንድ ተለማማጅ ይሥሩት። የሁለቱ ነጥብ ከተቀራረበ ፈተናው ዋጋ የለውም፤ ወይ ሥራው ቀሏል፣ ወይ ማረሚያው አይለይም። በፈተናው ዕለትም በብረቱ ላይ የሚመታው ቍጥር እንጂ ስም አይሁን። የሁለቱ አራሚዎች ተግባር በየፊናቸው ነጥብ መስጠት ነው፤ ከዐሥር ነጥብ በላይ ከተለያዩ ብረቱን በመካከላቸው አስቀምጠው ይነጋገሩ። ስብርባሪውም የቅሬታ ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ ይቀመጥ። «ዘመዱ ስለ ሆነ ነው» የሚል ሰው ቢመጣ የሚመልስለት ደብዳቤ ሳይሆን ብረቱ ነው።

ይህ ፈተና የማይናገረውም አለ። ሰውየው ንድፍ ማንበብ መቻሉን፣ የግቢ በር ሳይጣመም ማገጣጠሙን፣ ስስ ቱቦ ሳይበሳ መበየዱን አያሳይም፤ ሥራው እነዚህን የሚጠይቅ ከሆነ የፈተናው ቁራጭም አብሮ ይለወጥ። የቀረውን የሙከራ ጊዜ ይግለጠው። በአሠሪና ሠራተኛ ጕዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ለሚተዳደር ድርጅት ይህ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። የብቃት ማረጋገጫ ወረቀትም ቢሆን መከበር ይገባዋል፤ ነገር ግን የሚናገረው ስላለፈው ቀን ነው።

እናንት በቅጥር ኮሚቴ ውስጥ የምትቀመጡ ወጣት ሹማምንት ሆይ፣ ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ለአንድ ተፈታኝ አራት ቁራጭ ብረት፣ ጥቂት ኤሌክትሮድና አንድ መዶሻ ነው። ያ በደጃፍ ያገኘሁት ሰው የለመነውም ከዚህ አይበልጥም፤ ብረት ስጡኝ ነው ያለው። ብረቱን ሰጥቶ፣ ሰብሮ፣ ስብራቱን በፊቱ አስቀምጦ «ይኸው» ማለት ይገባል። ቢያልፍ በእጁ አለፈ፤ ቢወድቅም የወደቀበትን አየ።