ለቆንስላ ስትጽፍ "አንተ" አትበል፤ "9 ሰዓት" ብለህም ብቻ አትተው

ወገን፣ ዛሬ የማወራው ስለ አንዲት አምስት መስመር መልእክት ነው። ፍራንክፈርት፣ ሎስ አንጀለስ፣ ጅዳ ወይም ዱባይ ያለህ ወንድሜ፣ ያለሽ እህቴ፣ እዚያ ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ፓስፖርት ለማሳደስ ቀጠሮ ይዛችኋል እንበል። ቀኑ አልተመቸም፣ ይቀየርልኝ ብሎ መጻፍ ግድ ነው። ብዙዎቻችሁ በእንግሊዝኛ ትጽፋላችሁ። ምክንያቱን ሲጠየቁ "አማርኛዬ ለቢሮ አይሆንም" የሚሉ አሉ። እኔ ደግሞ በአማርኛ ጻፉ እላለሁ፤ ወረቀቱን የሚያየው ሰው ቋንቋ ነውና። ግን አማርኛ ሦስት ቦታ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

የመጀመሪያው አክብሮት ነው። እንግሊዝኛው "ዩ" ብሎ ሁሉንም ይገላገላል። አማርኛ ግን ወንድ ናት ሴት፣ ታናሽ ናት ታላቅ ብሎ ይጠይቅሃል። የማታውቀውን ሠራተኛ "አንተ" ካልክ ድፍረት ነው፤ ሴት ከሆነች ደግሞ ጭራሽ ስህተት ነው። "ክቡር" ማለትም አያዋጣም፣ ለሴት "ክብርት" ነውና። መውጫው "እርስዎ" ነው፤ ጾታ አይጠይቅም። "ላክልኝ" የነበረው "ቢልኩልኝ"፣ "ቀይርልኝ" የነበረው "እንዲቀየርልኝ" ይሆናል። ትህትናው ያለው እዚህ ግስ ላይ ነው። ከዚህ በኋላ "ይህ መልእክት በመልካም ጤንነት ላይ ሆነው እንደሚያገኝዎት ተስፋ አደርጋለሁ" የሚለው የእንግሊዝኛ ግልባጭ አያስፈልግም። "ጤና ይስጥልኝ" ይበቃል።

ሁለተኛው ቀኑ ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ፍራንክፈርት ያለ አንድ ተማሪ ቀጠሮው በፈረንጆቹ ኖቬምበር 17 ቀን 2025 ነው እንበል። ኖቬምበርን "ኅዳር" ብሎ ተርጉሞ "ኅዳር 17" ብሎ ቢጽፍ፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 17 ማለት ኖቬምበር 26 ነው። ዘጠኝ ቀን ተንሸራተተ! ትክክለኛው ኅዳር 8 ቀን 2018 ነው። ስለዚህ ሁለቱንም አቆጣጠር ጻፍ፣ የሳምንቱንም ቀን ጨምር። "ሰኞ" ብለህ የጻፍከው ቀን ረቡዕ ላይ ከዋለ፣ አንተም ሠራተኛውም ስህተቱን ወዲያው ታዩታላችሁ።

ሦስተኛው ሰዓቱ ነው። የጀርመኑ 9:00 በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። በአማርኛ ዝም ብለህ "9 ሰዓት" ካልክ ለእኛ ሰው ከሰዓት በኋላ ነው፣ የጀርመኑ 15:00። ሠራተኛውም እዚያው አገር ስለሚኖር የቱን እንዳሰብክ መገመት አይጠበቅበትም። "ከጠዋቱ" የምትለዋ ቃል እና በቅንፍ ያለው የአገሩ ሰዓት ጥርጣሬውን ይዘጉታል።

እንግዲህ የዚያ ተማሪ መልእክት ይህን ይመስላል፦

"ለተከበሩ የቀጠሮ ክፍል ሠራተኛ፣
ጉዳዩ፦ የፓስፖርት እድሳት ቀጠሮ እንዲቀየርልኝ ስለመጠየቅ
ጤና ይስጥልኝ። ሰኞ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 17/11/2025) ከጠዋቱ 3 ሰዓት (9:00) የፓስፖርት እድሳት ቀጠሮ አለኝ። በዚያው ሰዓት የዩኒቨርሲቲ ፈተና ስላለብኝ መገኘት አልችልም። ከሰኞ ኅዳር 15 (24/11/2025) ጀምሮ ባለው በማንኛውም የሥራ ቀን እንዲቀየርልኝ በትህትና እጠይቃለሁ። አዲሱን ቀን ቢያሳውቁኝ አመሰግናለሁ።
ከሰላምታ ጋር"

ከሥር ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፤ ከዚያ የፓስፖርት ቁጥርና ስልክ። የራስና የአባት ስም ብቻ ከጻፍክ መዝገቡ ላይ ስንት ሞክሼ እንዳለህ አስብ።

ልብ በሉ፣ ምክንያቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እኛ ቢሮ ስንለምን የቤተሰብ ታሪክ መተረክ እንወዳለን። ሠራተኛው የሚፈልገው ግን የቱን ቀን እንደሚሰርዝና ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚፈልግልህ ማወቅ ነው። "ሌላ ቀን ስጡኝ" ብለህ ብቻ ብትተወው መልሶ ይጠይቅሃል፤ በዚህ መሃል ቀናት ይሄዳሉ። የመኖሪያ ፈቃድህ ደግሞ የጸና ፓስፖርት ይጠብቃል።

"እንግሊዝኛ ይሻላል፣ ቀኑም አይምታታም" የሚል አይጠፋም። ቀኑ የሚምታታው ግን በቋንቋው አይደለም፣ አንዱን አቆጣጠር ብቻ ጽፎ በመላክ ነው። እንዲያውም በእንግሊዝኛ 3/11 ብትል አሜሪካ ማርች 11፣ አውሮፓ ኖቬምበር 3 ነው። በየትም ቋንቋ ጻፍ፣ ቀኑን ማጥራት የአንተ ሥራ ነው። በአማርኛ ግን "እርስዎ" የምትለዋ ቃል አለችህ፤ እንግሊዝኛው የሌለው አክብሮት በአንዲት ቃል። ለምን ትተዋታለህ?

ውጭ ያለ ዘመድ ካላችሁ መልእክቱን ላኩለት፣ ቀኑን ቀይሮ ይጠቀምበት።